«ቀኑ የሚያዘው ቀብዱ በሰዓቱ ሲገባ ነው» ብሎ መጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የሙሽራ ሜካፕና ፀጉር እሠራለሁ። ኮምቦልቻና ሐይቅም ቤት ድረስ እሄዳለሁ። በዚህ ሥራ አንድ እሑድ የሚሸጠው ለአንድ ሙሽራ ነው። ያን እሑድ «ይዘሻል» ብላችሁ ለአንዷ ሰጥታችሁ ቀብዱ ሳይመጣ ቢቀር፣ ሌላዋን መልሳችኋል፣ ቀኑም ባዶ ቀርቷል። ስለዚህ ቀን ስለማስያዝ የሚጻፈው መልእክት ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋለሁ፣ የሙያ ጓደኞቼም ደጋግመው ይጠይቁኛል። የዲኮር፣ የቬሎ ኪራይ፣ የፎቶና የቪዲዮ ሠራተኞችም ይህንኑ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

መልእክቱ ውስጥ የግድ መኖር ያለበት ምንድን ነው?

የትኛው ቀንና የትኛው ሥራ፣ ስንት ብር ቀብድ፣ እስከ መቼ፣ በየት በኩል፣ ካልገባስ ምን ይሆናል። አምስቱም በአንድ መልእክት ውስጥ ይሁኑ። ዋጋውን ጠዋት፣ ቀብዱን ከሰዓት፣ ሰዓቱን ደግሞ በድምፅ ከላካችሁ ሰውየው የሚያስታውሰው የሚመቸውን ብቻ ነው። ደግሞ የሙሽራ ጉዳይ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። የምታወራችሁ እህቷ ትሆናለች፣ የሚከፍለው ወንድሟ፣ የምትወስነው እናትየዋ። መልእክቱ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ብቻውን ሊቆም ይገባል።

እኔ የምጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ሰላም እህቴ። ለእሑድ ጥር 16 ቀን 2019 የሙሽራ ሜካፕና ፀጉር፣ ኮምቦልቻ ቤት ድረስ መጥቼ፣ ዋጋው 12,000 ብር ነው። ቀኑ እስካሁን ለማንም አልተያዘም። የሚያዝልሽ 4,000 ብር ቀብድ እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 6 ከምሽቱ 12 ሰዓት (በስልክ 18:00) ድረስ በዚህ ቁጥር ቴሌብር ላይ ሲገባ ነው። እስከዚያ ሰዓት ካልገባ ቀኑን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ገንዘቡ እንደገባ "ተይዟል" ብዬ እጽፍልሻለሁ። ያ መልእክት እስኪደርስሽ ድረስ ቀኑ እንደተያዘ አትቁጠሪው።»

ብሩ ለምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን አስገቡ። የአረፍተ ነገሮቹን ቅደም ተከተል ግን ባትነኩት እመርጣለሁ። «አልተያዘም» የሚለው ከ«የሚያዝልሽ» በፊት መምጣት አለበት፣ ምክንያቱም ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ አንብቦ ስልኩን ያስቀምጣል።

«ይዤልሻለሁ፣ ቀብዱን ነገ ላኪልኝ» ብል ምን ችግር አለው?

ቃል ገብታችኋል። ቀኑን ሰጥታችሁ ገንዘቡን ደግሞ እንደ ዕዳ አስቀራችሁ። ሰሚዋም በቅንነት የምትረዳው «ቀኑ የኔ ነው፣ ብሩን ሲመቸኝ እልካለሁ» ብላ ነው። ነገ ስትደውሉ «አንቺ ይዤልሻለሁ አላልሽም ወይ?» ብትላችሁ እውነቷን ነው።

ቀብዱ ሳይገባ «ያዝኩልሽ»፣ «መዝግቤሻለሁ»፣ «አታስቢ»፣ «በቃ ጨርሰናል» አትበሉ። በተለይ «አታስቢ» የምትለዋ ከአፋችን በቀላሉ ትወጣለች። ሰው እንዳይከፋ ብለን የምንላት ናት፣ ግን ለሰሚው ቀኑ ተይዟል ማለት ናት። በምትኩ «ቀኑ ክፍት ነው፣ ቀብዱ ሲገባ ይያዝልሻል» በሉ። እኩል ለስላሳ ነው፣ ቃል ግን አልገባችሁም።

«እስኪ ለማንኛውም ቀብድ ጣል አድርጊ» የሚባለውም አይረዳም። መቼና ስንት እንደሆነ አይናገርም፣ ካልተጣለ ምን እንደሚሆንም አይናገርም።

ሰዓቱን እንዴት ልጻፈው?

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

«እስከ 6 ሰዓት» ብቻ ከተጻፈ የቀኑ ይሁን የሌሊቱ አይታወቅም። ከዚያም አልፎ የስልኩን ሰዓት እያየ የሚኖር ወጣት 6:00 ሲል ጠዋት 12 ሰዓት ወይም ምሽት 12 ሰዓት ሊመስለው ይችላል። በእኛ አቆጣጠርና በስልኩ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ፣ ስድስት ሰዓት ደግሞ ግማሽ ቀን የሥራ ጊዜ ነው።

ይህ ወሎ ውስጥ በጣም ይብሳል፣ ምክንያቱም የሰርግ ወጪ ብዙ ጊዜ ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ ነው የሚመጣው። ሳዑዲና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው። እዚህ ሲመሽ እዚያም በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ ናቸው። ቁጥሩ ግን ይለያያል፤ እኛ ከምሽቱ 12 የምንለውን እዚያ ያለው ሰው 6 ይለዋል። ጅዳ ያለው ወንድም «እስከ 12 ሰዓት» የሚለውን ሲያነብ እንደለመደው እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። እኩለ ሌሊት ከመሰለው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይልካል፣ በቅን ልብ። ዱባይ ያለው ደግሞ በሰዓት አቆጣጠሩ ላይ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይጨመርበታል፤ እዚህ ከምሽቱ 12 ሲሆን የእሱ ስልክ 19:00 ይላል።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ከምሽቱ 12 ሰዓት (በስልክ 18:00)»። ገንዘቡ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል ጨምሩ። ቀኑንም በስሙና በቁጥሩ ጻፉ፦ «ማክሰኞ ታኅሣሥ 6»። ከውጭ ላለ ሰው «ዲሴምበር 15» የሚለውን ጎኑ አስቀምጡ። «ነገ» እና «ከነገ ወዲያ» አይጻፉ። መልእክቱ ሰኞ ተልኮ ወንድሙ ጋ ማክሰኞ ቢደርስ የእሱ ነገ ረቡዕ ነው።

የሌሊት ሰዓት ደግሞ የመጨረሻ ገደብ አታድርጉ። «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ስንል በእኛ አነጋገር ገና ማክሰኞ ነው፣ ስልኩ ግን ረቡዕ 1:00 ይላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሰው ከሥራ ወጥቷል፣ እናንተም ነቅታችሁ ሒሳባችሁን ማየት ትችላላችሁ።

«እስከ 12 ሰዓት ላኪ» ልበል ወይስ «እስከ 12 ሰዓት ይግባ»?

«ይግባ»። መላክና መግባት አንድ አይደሉም። ቴሌብር ለቴሌብር ሲሆን ብዙ ጊዜ ወዲያው ይገባል። ከባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲሆን ግን የሚዘገይበት ጊዜ አለ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም የላከው ሰው «ልኬያለሁ» እያለ እናንተ ጋ ምንም አይኖርም። «ላኪ» ካላችሁ ልካለች፣ ቃሏን ጠብቃለች። እናንተ ግን ገንዘብ የላችሁም። «ሒሳቤ ውስጥ ይግባ» ካላችሁ የመዘግየቱን ኃላፊነት ማን እንደሚሸከም ቀድሞ ተነግሯል። ይህ ጭካኔ አይደለም፣ ላኪዋ ጊዜ ወስዳ ቀደም ብላ እንድትልክ ያደርጋታል።

ከዚህ ጋር የስክሪንሹት ነገር አለ። ስክሪንሹት ማለት የላኪው ስልክ ላይ የታየ ምስል ነው፣ በቀላሉም ይቀየራል። አጭር መልእክትም እንደዚያው ነው። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው። ከተራ የስልክ ቁጥር «ይህን ያህል ብር ደርሶዎታል» የሚል ቢመጣ ሰው የጻፈው ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር በFT ይጀምራል፣ ግን FT ያለው ጽሑፍ መኖሩ ብቻ ገንዘቡ ገብቷል ማለት አይደለም። የምታዩት የራሳችሁን ቀሪ ሒሳብ ነው፣ በመተግበሪያው ወይም ቴሌብር ከሆነ በ*127#። መልእክታችሁ ላይ ይህን አንድ መስመር ጨምሩ፦ «የሚቆጠረው ሒሳቤ ውስጥ የገባው ነው፣ ስክሪንሹት አይደለም።» ለሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ከጻፋችሁት ማንም «አታምኚኝም?» ብሎ አይቀየምም። ስክሪንሹቱ ከመጣ በኋላ ስትሉት ነው ስድብ የሚሆነው።

ሌላው፣ ገንዘቡ በአጎት ወይም በጓደኛ ስም ይገባል። «ስትልኩ ምክንያቱ ላይ የሙሽራዋን ስምና ጥር 16 ብላችሁ ጻፉ» ብትሉ በሰርግ ሰሞን አራት ሺህ አራት ሺህ እየሆነ የሚገባው ገንዘብ የማን እንደሆነ አይጠፋችሁም።

ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ልስጥ?

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ፣ ከዚያ ወስኑ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለች፣ ቴሌብር ያላት ሴት እስከ ማግስቱ ምሽት ይበቃታል። ከውጭ ተልኮ ቤተሰብ ከባንክ ወጪ አድርጎ የሚያስገባው ከሆነ ሁለት የሥራ ቀን ስጡ፣ እሑድንም አትቁጠሩ። ከገጠር ለገበያ ቀን ወደ ከተማ የሚመጣ ቤተሰብም አለ። ለእነሱ ገደቡን ገበያቸው ቀን ላይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ግን አልሰጥም። ሳምንት የተሰጠው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሠራተኛ ሲጠይቅ ይከርማል፣ የእናንተ ቀን ደግሞ ተቆልፎ ይቀመጣል።

ሁለት ሰው አንድ ቀን ቢጠይቀኝስ?

መጀመሪያ ምን ቃል እንደምትገቡ ለራሳችሁ ወስኑ። ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱን ማደባለቅ ደግሞ ትልቁ ስህተት ነው።

አንደኛው «እስከ ማክሰኞ ምሽት 12 ሰዓት ለሌላ ሰው አልሰጥም» ማለት ነው። ይህን ካላችሁ እስከዚያ ሰዓት ታስራችኋል። ሰኞ ማታ ሌላዋ ሙሉ ክፍያ ይዛ ብትመጣም «እስከ ነገ ምሽት ጠብቂኝ» ነው የምትሏት። ሁለተኛው «ቀድሞ ቀብዱ የገባለት ሰው ይወስዳል» ማለት ነው። ይህን ካላችሁ ለሁለቱም ንገሩ፦ «ይህን ቀን ሌላ ሰውም ጠይቆኛል። ቀብዱ ቀድሞ ለገባለት እሰጣለሁ፣ የመጨረሻው ሰዓት ማክሰኞ ምሽት 12 ነው። ሁለተኛ የገባውን ያኑ ቀን እመልሳለሁ።»

ከላይ ያለው ናሙና ከሁለቱ የትኛው ነው? «በሰዓቱ ካልገባ ለሌላ እሰጣለሁ» ስለሚል አንባቢዋ እስከዚያ እንደምትጠብቋት ትረዳለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ከፈለጋችሁ በግልጽ መጻፍ አለባችሁ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ጊዜውን ግን አሳጥራለሁ። ሰው ሲሯሯጥ ገንዘብ ልኮ «ቀድመውሻል» መባል ይከብደዋል፣ ደሴ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬው ፒያሳ ሳይደርስ አይቀርም።

ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ገንዘቡ ቢገባስ?

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ እንይ። የኮምቦልቻ ሙሽራ እህት ሰኞ ታኅሣሥ 5 ማታ ጠየቀች፣ ከላይ ያለው መልእክት ተላከላት። ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ላይ 4,000 ብሩ ገባ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀኑን ለማንም ካልሰጣችሁ ተቀበሏት፣ ግን በዝምታ አትቀበሏት። እንዲህ ጻፉ፦ «ገንዘቡ ከምሽቱ 12:20 ገብቷል። ሰዓቱ አልፎ ነበር፣ ግን ቀኑ ክፍት ስለሆነ ይዤልሻለሁ። እሑድ ጥር 16 ተይዟል።» በዝምታ ከተቀበላችሁ ቀጣዩ ክፍያ ላይም ሰዓት የለም ማለት ነው።

ቀኑን ለሌላ ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ፦ «ገንዘቡ የገባው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው፣ ቀኑ ተሰጥቷል። 4,000 ብሩን አሁኑኑ መልሻለሁ፣ የዝውውር ቁጥሩ ይኸው። ቅዳሜ ጥር 15 ክፍት ነው፣ ከፈለግሽ ንገሪኝ።» መጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ ጻፉ። ዘግይቶ የገባ ቀብድ የእናንተ አይደለም፣ በሱ የተያዘ ቀን የለምና። «ለሌላ ቀን ይሁንልሽ» ብሎ ሳያስፈቅዱ ማቆየት ደግሞ የሰው ገንዘብ መያዝ ነው። የመላኪያውን ክፍያ እኔ እችላለሁ፤ ትንሽ ነው፣ ስሜን ያስጠብቅልኛል።

ገደቡ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው አንድ ማስታወሻ እልካለሁ፦ «እህቴ፣ የጥር 16 ቀብድ እስከ ምሽቱ 12 ነው፣ እስካሁን አልገባም።» አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በላይ ልመና ይመስላል።

ሕጉ ስለ ቀብድ ምን ይላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይቀነሳል። በሌላ ካልተስማማችሁ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ግን እጥፉን ይመልሳል።

የመጨረሻዋን ብዙ ሠራተኛ አያስባትም። 4,000 ብር ተቀብላችሁ «ተይዟል» ካላችሁ በኋላ የተሻለ ከፋይ መጣ ብላችሁ ብትሰርዙ 8,000 ብር ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ «ተይዟል» የሚለውን ከመላካችሁ በፊት ደብተራችሁን እዩ። ለደንበኛም የመሰረዙን ነገር በማረጋገጫው ላይ ጻፉላት፦ «ብትሰርዢ ቀብዱ አይመለስም፣ እኔ ብሰርዝ እጥፉን እመልሳለሁ።» የተለየ ነገር ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ለቅሶ ቢደርስ ቀን ይቀየራል የሚል፣ እዚያው ይጻፍ። ሰርግ በለቅሶ ሲገፋ ቀብድ መብላት በእኛ አገር አያምርም፣ እኔ አንድ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀን እቀይራለሁ ብዬ እጽፋለሁ።

ለትልቅ ሰው ስጽፍ ይህ ሁሉ ሰዓትና «ካልሆነ» ድፍረት አይመስልም?

ለእናትየው ወይም ለአባትየው ከሆነ አነጋገሩን አንቱ አድርጉት፣ ይዘቱን ግን አትቀንሱ። «እማማ፣ እንደምን አመሹ። የልጅዎን ቀን ለእሑድ ጥር 16 እንድይዝልዎ 4,000 ብር ቀብድ እስከ ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ቢገባልኝ። ካልገባ ቀኑ ለሌላ ሰው ስለሚሰጥ እንዳያዝኑብኝ አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።» አክብሮቱም አለ፣ ሰዓቱም አለ። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ይህንኑ በድምፅ ቅጂ አንብቡላቸው፣ ጽሑፉንም ከሥሩ ላኩ። ልጅ ወይም ጎረቤት ያነብላቸዋል።

ቴሌግራም ለሌለው ሰው በኤስኤምኤስ ብልክለትስ?

አሳጥሩት። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኤስኤምኤስ አንዱ የሚይዘው 70 ፊደልና ክፍት ቦታ ነው (በላቲን ሲሆን 160)። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ይላካል፣ በአንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ቁርጥራጩ ተለያይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ዋናው ነገር መጀመሪያው ላይ ይሁን፦

«እሑድ ጥር 16 የሚያዝልሽ 4,000 ብር ቀብድ እስከ ማክሰኞ ምሽት 12 ሰዓት ከገባ ብቻ ነው።»

ይህ በአንድ ኤስኤምኤስ ውስጥ ይገባል። ዋጋውንና ቁጥሩን በሁለተኛው ላኩ።

ቀብዱ ከገባ በኋላስ ምን ልጻፍ?

ወዲያው ጻፉ። ሰው ብር ልኮ መልስ ሲያጣ ይጨነቃል፣ እናንተም «ያ መልእክት እስኪደርስሽ አልተያዘም» ብላችኋታል። «4,000 ብር ማክሰኞ ከምሽቱ 11:10 ገብቷል። እሑድ ጥር 16 ቀን 2019 ተይዟል። ቀሪው 8,000 ብር በዕለቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይከፈላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት (በስልክ 4:00) ኮምቦልቻ እደርሳለሁ፤ ሐረጎ ላይ ጉም ስለሚኖር ከደሴ ቀደም ብዬ እነሳለሁ። የቤቱን ምልክትና በር ከፍቶ የሚቀበለኝን ሰው ስልክ ላኪልኝ።»